የጤፉን ገንዘብ ለትምህርት ቤት አትስጡ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ናይሮቢ ውስጥ ልጅ ለምታስተምሩ ስደተኛ ወላጆች ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርግ። ለልጅ ትምህርት ቤት ተብሎ የንግድ መነሻ ገንዘብ መነካት የለበትም። እናት ወይም አባት የጀመሩት የሙያ ሥልጠናም ለልጅ ሲባል መቅረት የለበትም።

«አስተማሪ ሆነህ እንዴት ከልጅ ትምህርት በፊት ንግድ ትላለህ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንዲህ የምለው አስተማሪ ስለሆንኩ ነው። ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፣ ስም ዝርዝሩም እጄ ላይ ነው። በጃንዋሪ ወላጁ ሱቁን አራግፎ ሙሉውን የከፈለለት ልጅ በሜይ ከክፍል ሲጠፋ አያለሁ። ጥቂት በጥቂት የሚከፍል፣ ግን ሥራው ያልተነካ ወላጅ ልጅ ደግሞ እስከ መጨረሻው ክፍል ይዘልቃል። ልጅ የሚማረው በአንድ ቀን ክፍያ ሳይሆን ዓመት እስከ ዓመት በሚዘልቅ ገቢ ነው። ስለዚህ ገቢውን የሚያመጣውን ነገር መጠበቅ ራሱ የልጁን ትምህርት መጠበቅ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩ። ባልና ሚስት ኢስሊ ይኖራሉ። እናት እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች ታስረክባለች። በሳምንት ለጤፍ ዱቄትና ለመብራት ቶክን 12,000 ሽልንግ ታወጣለች፣ 18,000 ትሸጣለች፣ ስለዚህ 6,000 ይተርፋታል። አባት ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር በረዳትነት በቀን ሥራ ይውላል፤ በአማካይ በሳምንት 4,000 ያመጣል። ኪራይ፣ ምግብና ሌላው ወጪ 8,500 ይወስዳል። በሳምንት 1,500 ሽልንግ በእጃቸው ይቀራል ማለት ነው።

ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቁ በጃንዋሪ 10ኛ ክፍል ይገባል፣ ሁለተኛዋ 7ኛ፣ ትንሹ 4ኛ። ሁሉም የመንግሥት የቀን ትምህርት ቤት ይማራሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት «ነፃ ነው» ሲባል የማስተማሪያውን ወጪ መንግሥት ይሸፍናል ማለት ነው እንጂ ምሳውን፣ ዩኒፎርሙን፣ ጫማውን፣ ደብተሩንና ትምህርት ቤቱ የሚጠይቃቸውን ጥቃቅን ክፍያዎች አይደለም። የዚህ ቤት ዓመታዊ ወጪ ለትልቁ 26,000፣ ለሁለቱ ታናናሾች 28,000፣ በድምሩ 54,000 ሽልንግ ነው እንበል።

በዓመት የሚተርፋቸው 78,000 ነው። 54,000ው ለትምህርት ቤት ሄዶ ወደ 24,000 ይቀራል። በወረቀት ላይ ምንም ችግር የለም። ታዲያ ይህ ቤተሰብ ለምን በየጃንዋሪው ይጨነቃል? ምክንያቱም ወጪው በዓመቱ ላይ እኩል አልተከፋፈለም። በዚህ ቤት 33,000 የሚፈለገው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፤ በኤፕሪል መጨረሻ ሁለተኛው ተርም ሲከፈት 12,000፣ በኦገስት መጨረሻ ሦስተኛው ሲከፈት ደግሞ 9,000። ከግማሽ በላዩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጠየቃል።

በጃንዋሪ ያ 33,000 ካልሞላ ብዙ ቤት ምን ይደረጋል? ከጤፉ ገንዘብ ይወሰዳል። እናት ከ12,000 መነሻዋ 6,000 አንስታ ለትምህርት ቤት ትሰጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት የምትጋግረው ግማሹን ነው። ሽያጩ ወደ 9,000 ይወርዳል፣ ትርፉም ከ6,000 ወደ 3,000። ልብ በሉ፤ የተወሰደው 6,000 አንድ ጊዜ ነው፣ የሚያስቀረው 3,000 ግን በየሳምንቱ ነው። በሁለት ሳምንት የተወሰደው ያህል ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዕዳ ነው። ቤቱ በሳምንት 1,500 ይተርፈው የነበረው አሁን በሳምንት 1,500 ይጎድለዋል። በኤፕሪል መጨረሻ 12,000 ከየት ይመጣል? እንጀራ የጎደለበት ምግብ ቤትም ሌላ ጋጋሪ ፈልጎ ይሆናል። ልጁ በሜይ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

መነሻው እየተበላ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ምልክት ልንገራችሁ። ዱቄቱን በከረጢት ይገዛ የነበረ ሰው በኪሎ መግዛት ሲጀምር፣ ወይም ከባለ ሱቅ በዱቤ እየወሰደ ሸጦ መክፈል ሲጀምር፣ መነሻው አልቋል። በኪሎ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ይላል፣ ትርፉም የበለጠ ይሳሳል። ልብስ ለሚሸጥ፣ ቡና ለምታፈላ፣ ፀጉር ለምትሠራም ምልክቱ ያው ነው፤ ዕቃው በትንሽ በትንሹ እየተገዛ፣ ደንበኛ «የለም» እየተባለ መመለስ ይጀምራል።

አሁን ወደ መፍትሔው። ከሳምንቱ 1,500 ላይ 1,050ው የትምህርት ቤት ይሁን፣ 450ው የወላጅ መንገድ። ሁለቱ አንድ ቦታ አይቀመጡ። ጃንዋሪ ከተከፈለ በኋላ ከባዶ ተነስተን እንቁጠር። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ 16 ሳምንት አለ፤ 16,800 ይጠራቀማል። 12,000 ተከፍሎ 4,800 ይቀራል። እስከ ኦገስት መጨረሻ 17 ሳምንት ነው፤ የተጠራቀመው 22,650 ይደርሳል። 9,000 ተከፍሎ 13,650 ይቀራል። ከዚያ እስከ ጃንዋሪ 19 ሳምንት አለ፤ ገንዘቡ 33,600 ይሆናል። የሚፈለገው 33,000 ነው። ደረሰ።

እዚህ ላይ ነው ሁሉ ነገር የሚበላሸው፣ ስለዚህ ቆም ብላችሁ እዩልኝ። በኦገስት መጨረሻ ሁሉም ተርሞች ተከፍለዋል፣ በእጅ ደግሞ 13,650 ሽልንግ አለ። ትርፍ ይመስላል። ትርፍ አይደለም፣ የጃንዋሪ ነው። በዚያው ሰሞን እንቁጣጣሽ ይደርሳል። የኛ በዓላት ከኬንያ ተርሞች ጋር አብረው መምጣታቸውን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሦስተኛው ተርም ተከፍሎ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አዲስ ዓመት ነው። የመጀመሪያው ተርም የሚከፈተው ገና ሰሞን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፋሲካ ባለፈ ማግሥት ወይም በዋዜማው። ሙስሊም ወገኖቼ ዘንድ በዓላቱ በየዓመቱ ስለሚዞሩ አንዳንድ ዓመት ይገጥማል፣ አንዳንድ ዓመት አይገጥምም። በዓል አታክብሩ አልልም። በዓል ከቤት ወጪው ውስጥ የራሱ ድርሻ ይኑረው፤ ዶሮው ከዩኒፎርሙ ገንዘብ አይገዛ ነው የምለው።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ? አብዛኞቻችን የምናምነው እቁብን ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ይታሰብበት። አንደኛው ዕጣው የሚወጣበት ጊዜ ነው። በማርች የወጣ ዕጣ እስከ ጃንዋሪ አይቆይም። ስትገቡ ለዳኛው «የኔን ለዲሴምበር መጨረሻ» በሉት፤ ቀድሞ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ አለ፣ መለዋወጥ አይቸግርም። ሁለተኛው የኛ የስደተኞች እቁብ ችግር ነው። ሰው ዕጣውን በልቶ ወደ ሦስተኛ አገር ሊሄድ፣ ወደ ካምፕ ሊመለስ፣ ከተማ ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ የሚወስድ ሰው ሌላ ዕጣ ያልደረሰው አባል ዋስ እንዲሆነው አድርጉ። በስልክ የምታስቀምጡ ደግሞ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደተመዘገበ እዩ። በጎረቤት መታወቂያ በወጣ ሲም ውስጥ ያለ ገንዘብ ክርክር ቢነሳ የእናንተ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል።

የወላጅ መንገድ ያልኩት 450 ምን ይሠራል? በዚህ ቤት አባት በረዳትነት ነው የሚሠራው። ሥራውን ያውቃል፣ ወረቀት ግን የለውም። ኬንያ ውስጥ ሙያ በእጁ ያለ ሰው ናይታ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን ተፈትኖ የግሬድ ሰርተፊኬት ማግኘት ይችላል፤ የመጀመሪያው ደረጃ ግሬድ 3 ነው። አጭር ሥልጠናውና ፈተናው፣ ከመጓጓዣና ሥራ ከሚቀርባቸው ቀናት ጋር፣ 18,000 ይፈጃል ብለን እናስላ። 450 በ40 ሳምንት 18,000 ይሆናል። በጃንዋሪ የጀመረ ሰው በኦክቶበር ጨርሷል። በወረቀቱ ምክንያት የሳምንት ገቢው ከ4,000 ወደ 5,500 ብቻ ከፍ ቢል እንኳ፣ በሳምንት የሚተርፈው ከ1,500 ወደ 3,000 ይሆናል። በእጥፍ ማለት ነው።

ይህ ለምን እንደሚያስቸኩል የልጆቹን ዕድሜ ቁጠሩ። ትልቁ ዘንድሮ 10ኛ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ 12ኛን ጨርሶ ኮሌጅ በር ላይ ይቆማል። በዚያው ዓመት አሁን 7ኛ ያለችው እህቱ 10ኛ ትገባለች። ለከፍተኛ ትምህርት እንደ ዳፊ ያለ የስደተኞች ስኮላርሺፕ አለ፣ ግን ከሚያመለክተው ውስጥ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ በእሱ ላይ ቤት አይሠራም። ይህ ቤተሰብ ያን ዓመት በዛሬው 1,500 አይወጣውም። ያላቸው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። የአባት ሰርተፊኬት እና የእናት ሁለተኛ ምጣድ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ፍሬ ማፍራት አለባቸው። ካላፈሩ ወጪው የሚወድቀው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሴት ልጅ ላይ። «አንቺ ትንሽ ጠብቂ፣ ወንድምሽ ይጨርስ» የሚለውን ቃል ያልሰማ አስተማሪ የለም። ጠብቃ የተመለሰች ልጅ ግን እኔ ብዙ አላየሁም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፤ አዳሪ ትምህርት ቤት። ልጅ ጥሩ ውጤት አምጥቶ ትልቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲመደብ የወላጅ ኩራት ይገባኛል። ሒሳቡን ግን አብረን እንይ። ለትልልቆቹ የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተቀመጠው የወላጅ ክፍያ ለዓመታት 53,554 ሽልንግ ነበር፤ አከፋፈሉም 50፣ 30፣ 20 በመቶ ነው። ለመጀመሪያው ተርም ብቻ 26,777 ይፈለጋል ማለት ነው። በምሳሌያችን ቤት የሁለቱን ታናናሾች 17,000 ስትጨምሩበት ጃንዋሪ 43,777 ይሆናል፤ ፍራሹ፣ ሳጥኑ፣ ብርድ ልብሱና ዩኒፎርሙ ገና አልተቆጠረም። በእጅ ያለው 33,600 ነው። የጎደለው ከየት እንደሚመጣ አሁን ታውቃላችሁ፤ ከጤፉ። በዓመት ደረጃም ካያችሁት አዳሪው ከቀን ትምህርት ቤቱ ቢያንስ 27,554 ይበልጣል። የአባትና የእናት መንገድ የዓመት ድርሻ ግን 23,400 ብቻ ነው። አንዱ ልጅ አዳሪ ሲገባ የወላጆቹ መንገድ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል።

አዳሪ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ተኝቶ ልጅ ማታ ማንበቢያ ቦታ ሲያጣ፣ ሴት ልጅ ጨልሞ ስትመለስ መንገዱ ሲያሰጋት፣ አዳሪ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ልጁ ቤት ስለማይበላም የሚቀነስ ወጪ አለ። ይሁንና ውሳኔው የልጁን ፍላጎት ተከትሎ ይሁን፣ የሰፈሩን ወሬ ተከትሎ አይሁን። ከቀን ትምህርት ቤትም ጎበዝ ተማሪ ይወጣል፤ በየዓመቱ አስተምሬ እሸኛለሁ።

አሁን «እኔ ገና መጀመሬ ነው፣ መስከረም ገብቷል፣ በእጄ ባዶ ነው» ለሚል ወላጅ። ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ በ1,050 የሚጠራቀመው 19,950 ነው። ከ33,000 ላይ 13,050 ይጎድላል። ይህን ጉድለት በዲሴምበር 28 ሳይሆን ዛሬ ማወቅ ግማሽ መፍትሔ ነው።

መጀመሪያ ጉድለቱን አሳንሱት። ትምህርት ቤቱ በኦክቶበር መጨረሻ ሳይዘጋ ሄዳችሁ የሚቀጥለውን ዓመት የክፍያ ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። ከዝርዝሩ ውስጥ የግድ የሆነውንና ያልሆነውን ለዩ። ለምሳሌ በዕረፍት ጊዜ የሚሰጥ የክፍያ ትምህርትን የኬንያ የ2013 የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ ይከለክላል፤ ልትገደዱበት አይገባም። የታናናሾቹ ሹራብ ከታላቃቸው ይወረሳል፣ ጫማና ቦርሳ ጊኮምባ ገበያ ከልባሽ ጨርቁ መካከል ይገኛል። ዘመድ ውጭ ያላችሁም «ቸገረኝ» ብላችሁ በጃንዋሪ አትደውሉ። በኦክቶበር «ለልጁ ዩኒፎርም ይህን ያህል» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስሙ የታወቀ ጥያቄ ቶሎ መልስ ያገኛል። በዚህ ሁሉ 5,000 ቀነሳችሁ እንበል። 8,050 ቀረ።

ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ገንዘብ ያዡን አነጋግሩ፤ ልጁ ከበር ከተመለሰ በኋላ አይደለም። ያላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የቀረውን በስንት ጊዜ እንደምትከፍሉ ቀን ቆርጣችሁ ጻፉ፣ አስፈርሙ። እኔ በውስጥ ሆኜ እንደማየው፣ ባዶ እጁን ይቅርታ ከሚጠይቅ ወላጅ ይልቅ ግማሹን ከፍሎ ወረቀት የያዘ ወላጅ ይታመናል። ክፍያው ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይግባ እንጂ በማንም እጅ አይሰጥ፤ ደረሰኙም ይቀመጥ።

8,050ውን ከየት እንክፈል? እዚህ ላይ የወላጅ መንገድ የሆነውን 450 ለ18 ሳምንት ማዋስ ይቻላል፤ 8,100 ይሆናል፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ዕዳው ያልቃል። «ታዲያ አትንኩ ያልከው የት ሄደ?» ትሉኛላችሁ። ልዩነቱ ይህ ነው። የአባት ፈተና በአራት ወር ቢዘገይ ተመልሶ ይጀመራል፤ መመለሻው ቀን ግድግዳ ላይ ይጻፍ። የእናት ጤፍ ከተበላ ግን ዘገየ አይባልም፣ ገቢው ራሱ ይቆማል። ማዘግየትና መብላት አንድ አይደሉም። የምታዘገዩትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ጃንዋሪም ካስፈለገ ዕቅዱ ከአቅም በላይ ነውና ወጪው መቀነስ አለበት።

የመጨረሻው ቃሌ ለልጆቻችን ስለምንነግራቸው ነገር ነው። ብዙ ወላጅ «ለእናንተ ስል ሕይወቴን ትቻለሁ» ይላል። ፍቅር ነው፣ አልክድም። ልጁ ግን የሚሰማው ዕዳ ነው። 16 ዓመት ሳይሞላው ይህን ቤት የማወጣው እኔ ነኝ ብሎ የሚያስብ ተማሪ ፈተና ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱም ትምህርቱን ጥሎ የጉልበት ሥራ ይገባል። አባቱ ሰርተፊኬቱን ሲይዝ፣ እናቱ ሁለተኛውን ምጣድ ስትገዛ ያየ ልጅ ግን ተማሪ ብቻ ሆኖ መማር ይችላል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አውጡ። ሦስቱን ተርሞች፣ በእያንዳንዱ የሚፈለገውን ገንዘብ፣ እስከዚያ የቀረውን ሳምንት ጻፉ። ከሥሩ የማይነካውን የመነሻ ገንዘብ ልክ ጻፉና ባልና ሚስት ሁለታችሁም ፈርሙበት። ኢስሊ፣ ካዋንግዋሬም ሆነ ሌላ ሰፈር ያላችሁ፣ የናንተ ትምህርት ቤት በዚህ ዓመት ምን ምን እንደሚጠይቅ ከታች ጻፉልን፤ አዲስ ለሚገባው ወላጅ ከማንም ምክር በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።